አራተኛ ፎቅ፣ ውኃ በሦስት ቀን አንዴ

የኔነሽ ደሴ ውስጥ ሠላሳ ሦስት ዓመት አማርኛ ያስተማረች ሴት ናት። ጡረታ ከወጣች በኋላም ቀይ እስክሪብቶዋ ከቦርሳዋ አልወጣም። አንድ ጊዜ አራዳ ያለ ሥጋ ቤት በር ላይ ቆማ፣ ሰሌዳው ላይ የተሳሳተውን ፊደል ሳያስተካክሉ አልገዛም ብላ ባለቤቱን አስቃዋለች። የቀድሞ ተማሪዎቿ መንገድ ላይ ሲያገኟት «ቲቸር» ብለው አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ፤ ከሰላምታው በኋላ ግን አረፍተ ነገራቸውን እያሰቡ ነው የሚናገሩት።

የምትኖረው ከዩኒቨርሲቲው ብዙም በማይርቅ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለ አንድ መኝታ ናት ቤቷ። ዕጣው የወጣው ባሏ ደምለው በሕይወት ሳለ ነው። ደምለው እንጨት ሠሪ ነበር፤ መደርደሪያውንም፣ ሳሎን መስኮት ሥር ያለውን ረጅም ጠረጴዛም በእጁ ሠርቷቸዋል። እሱ ካረፈ አራት ዓመት አለፈው። ከዚያ ወዲህ ደረጃው በየዓመቱ የሚረዝም እየመሰላት ሄደ። ዘንድሮ ክረምት ላይ ጉልበቷ አብጦ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ፣ ሐኪሙ የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና፣

«እማማ፣ ስንተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት?» አላት።

«አራተኛ።»

«እንግዲህ ወይ ፎቁን ይተዉት፣ ወይ ጉልበትዎን» አለ።

ታናሽ እህቷ ፋሲካ ኮምቦልቻ ነው ያለችው። የግቢዋ አንድ ክፍል ባዶ ነው፤ መሬት ላይ፣ ፀሐይ የሚሞቀው። «የደሴ ብርድ ነው የበላሽ። የሐረጎን ቁልቁለት ውረጅና ነይ፤ ሰው መሆንሽን ታስታውሺያለሽ» ስትላት ከረመች። የኔነሽም በመጨረሻ እሺ አለች። ቤቷን ግን መሸጥ አልቻለችም፤ ልታከራያት ወሰነች።

ለማን? ባለ ትዳር አየው። ሁለት ልጅ ያለው ሰው ገና በሩ ላይ ሆኖ «ይቺ ናት?» ብሎ ተመለሰ። ጎረቤቶቿ እንዳሉት ለዚህ ቤት የሚሆነው ተማሪ ነው። መደበኛ ተማሪ ዶርም አለው፤ በግላቸው ከፍለው የሚማሩት፣ የኤክስቴንሽንና የማስተርስ ተማሪዎች ግን ውጭ ነው የሚከራዩት፤ መስከረም ሲጠባም ቤት ፍለጋ ሰፈሩን ያጨናንቁታል። እንደዚያ ያለውን ተማሪ የሚያገኝ ደግሞ ሁዘይፋ የሚባል ደላላ ነው አሏት። ወጣት ነው፤ በቴሌግራም የቤት ማስታወቂያ የሚያወጣበት ቻናል አለው።

ሁዘይፋ ሲመጣ አወቀችው። ዘጠነኛ ክፍል አስተምራዋለች።

«ቲቸር፣ ድርሰት ላይ ከአሥር አራት የሰጡኝ እኔ ነኝ» አለ፤ እየሳቀ።

«ምን ጽፈህ ነበር?»

«የትውልድ ቀዬዬን ግለጽ ተብዬ። የሌለ ወንዝ ጨምሬበት ነበር።»

ስልኩን አወጣና ቤቱን ያነሣ ጀመር። ጥግ ላይ ተለጥፎ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አነሣ። ፎቶው ላይ ሳሎኑ የሠርግ አዳራሽ መስሎ ወጣ። የኔነሽ አይታው «ይሄ የእኔ ቤት ነው?» አለች።

«ቲቸር፣ ሰው መጀመሪያ በዓይኑ ነው የሚከራየው» አላት። ከዚያም ቁጭ ብሎ ጻፈ፤ ከመለጠፉ በፊትም እንድታይለት ስልኩን አቀበላት። እንዲህ ይላል።

«በጣም ዘመናዊና ሰፊ ባለ አንድ መኝታ!!! ውኃ 24 ሰአት! ከዩንቨርስቲው በር 2 ደቂቃ! ጸጥታ የሰፈነበት ሰፈር! ለተማሪ ምርጥ!!! ይፍጠኑ!»

የኔነሽ መነጽሯን አደረገች። «ሰአት» የሚለውን «ሰዓት» ብላ አስተካከለች። «ዩንቨርስቲ» የሚለውን «ዩኒቨርሲቲ» አለችው። ሦስት ሦስት የሆኑትን የአጋኖ ምልክቶች አንድ አንድ አደረገቻቸው። «ውኃ 24 ሰዓት» የሚለው ጋ ስትደርስ ጣቷ ለአፍታ ቆመ። ውኃ የሚመጣው በሦስት ቀን አንዴ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት፤ ማታ እየጠበቀች በርሜሉን የምትሞላው እሷው ናት። ነገር ግን ጉልበቷም ይጠዘጥዛታል፣ ፋሲካም ትጠብቃለች፣ የደላላ ወግ እንዲህ ነው ብላም ለራሷ ነገረች። ስልኩን መለሰችለት። ፊደሉን አረመች እንጂ ቃሉን አላረመችም።

በዚያው ሳምንት ስምንት ሰው ደወለ። አምስቱ መጡ። አንዱ ደረጃው ላይ ትንፋሽ አጥሮት ከሦስተኛ ፎቅ ተመለሰ። ሁለት ልጆች ገብተው፣ ፎቶውንና ሳሎኑን እያስተያዩ ተሳሳቁና ወጡ። አንዲት ልጅ ቧንቧውን ከፈተች፤ ቧንቧው ሳለና ዝም አለ። ሁዘይፋ ግን አልተበገረም፤ «የሚመጣው ከበዛ አንዱ መያዙ አይቀርም» ይላል።

ጥቅምት መጀመሪያ፣ አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ በሯ ተንኳኳ። ስትከፍት አንድ ሽበት የወረረው ሰው በጭንቅላቱ ላይ የተጠቀለለ ፍራሽ ተሸክሞ ቆሟል። ከኋላው አንዲት ሻሽ ያሰረች ልጅ ሻንጣና ባልዲ ይዛለች። ሁለቱም ላብ አጥምቋቸዋል።

«እንደምን ዋሉ፣ እህቴ» አለ ሰውየው። «ሙንዚር እባላለሁ፤ ከቢስቲማ ነው የመጣነው። ይቺ ልጄ ሳሊሃ ናት። ቤቱን ልንይዝ ነው።»

የኔነሽ ደነገጠች። «ሳታዩት?»

«ጽሑፉን አይተነዋል። እሷ ናት ያነበበችልኝ። ሁለት ደቂቃ ነው ካለ፣ ውኃውም ካልጠፋ፣ ሌላ ምን እናያለን? ደላላውም ሌላ ሰው ሳይቀድማችሁ ኑ አለን።»

ሰውየው ፍራሹን አወረደ። ወደ ውስጥ ጋበዘቻቸው። ሙንዚር ሳሎኑ መሃል ቆሞ ዙሪያውን አየ፤ ለማየት ጊዜ አልፈጀበትም። ሳሊሃ ወደ መኝታ ቤቱ ገብታ ወጣች። ከዚያ ባልዲዋን ይዛ ወደ ቧንቧው ሄደች፤ ፊቷን ልትታጠብ ፈልጋ ኖሯል። ከፈተችው። ቧንቧው ሳለ።

ልጅቷ መልሳ ዘጋችው። «ከዩኒቨርሲቲው በር በእግር ስንመጣ ሰዓት ይዤ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጀብን። መንገድ ተሳስተን ይሆናል ብዬ ነበር።»

«አልተሳሳታችሁም» አለች የኔነሽ።

ሙንዚር ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በተሻላት። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ጎረቤትዎ ደረጃው ላይ አግኝተውን አስተማሪ መሆንዎን ነገሩን። ደስ አለኝ፤ ልጄ አስተማሪ ቤት ልትኖር ነው ብዬ። እንዲያው ልጠይቅዎትና፣ ያ ጽሑፍ የእርስዎ ቃል ነው?»

የደላላው ነው ልትል ትችል ነበር። እውነትም የደላላው ነው። ግን ያ ጽሑፍ ሳይለጠፍ በፊት በእጇ ገብቶ ነበር፤ ፊደል በፊደል አይታዋለች።

«አንብቤዋለሁ» አለች። «አንብቤ፣ አርሜ አሳልፌዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ሙንዚር ራሱን ነቀነቀ። «አብሽሩ። ሰው ይሳሳታል። እኛ ግን ውኃ መቅዳት አይከብደንም፤ ቢስቲማም ቢሆን እንቀዳለን። ጉድጓዱ የት እንዳለ ቀድሞ ሲነገረው ሰው እንስራውን ያዘጋጃል። ነገሩ እሱ ነው።»

ተነሥቶ ፍራሹን ሊያነሣ ሲል የኔነሽ ክንዱን ያዘችው። «ይቀመጡ። ሻይ ላፍላላችሁ፤ ውኃ በበርሜል አለኝ። እኔም ለአንድ ሰው ልደውል።»

የደወለችው አትጠገብ ለምትባል የቀድሞ የሥራ ባልደረባዋ ነው። አትጠገብ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ባለው ሰፈር የምታከራየው አንድ ክፍል አለ። ክፍሉ አልተያዘም ነበር። የኔነሽ ስልኩን ዘግታ ወደ አባትና ልጅ ዞረች።

«እንዴት ያለ ነው?» አላት ሙንዚር።

የኔነሽ ያንን ክፍል በደንብ ታውቀዋለች።

«ጠባብ ነው» አለች። «አልጋ ከገባ ለወንበር እንጂ ለጠረጴዛ ቦታ የለውም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ሰው ለሰው አይሰማማም። መጸዳጃው የጋራ ነው፤ ከሌሎች ሦስት ሴት ተማሪዎች ጋር። ግቢው ውስጥ ትልቅ ሮቶ ስላለ ውኃ አይቸግራትም። በሩ ማታ ሦስት ሰዓት ይዘጋል፤ አትጠገብ በዚህ አትደራደርም። እስከ ዩኒቨርሲቲው በር እኔ እንኳ በዚህ ጉልበቴ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም።»

ሙንዚር ልጁን አያት። ልጅቷ ፈገግ አለች፤ ከመጣች የመጀመሪያዋ ነበር።

«ይኸው!» አለ አባትየው። «እንዲህ ነው ሸጋ አነጋገር። አሁን ቤቱን ሳላየው አየሁት።»

የኔነሽ ዘንጓን ይዛ አብራቸው ወረደች፤ እስከ አትጠገብ ግቢም አደረሰቻቸው። ሲለያዩ ሙንዚር እጇን በሁለት እጁ ይዞ «አላህ ጉልበትዎን ይጠግንልዎ» አላት። ስትመለስ አራቱን ፎቅ አምስት ጊዜ እያረፈች ወጣች። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ከስንቱ ልጅ በፊደል ግድፈት ነጥብ እንደቀነሰች እያሰበች ነበር፤ ሁዘይፋን ለዚያ ለሌለው ወንዝ አራት መስጠቷ ግን ልክ ነበር።

በማግሥቱ ሁዘይፋን ጠርታ ማስታወቂያውን አስጠፋችው። እኔው ራሴ እጽፈዋለሁ አለችው። ጻፈችም፤ ሦስት ገጽ። በመግቢያው ላይ የጦሳ ተራራ ማለዳ ጉም ለብሶ እንዴት እንደሚታይ፣ በሐተታው ደምለው መደርደሪያውን የሠራበት ወራት፣ በመደምደሚያው ደግሞ ቤት ለሰው ልጅ ምን እንደሆነ ነበር። ሁዘይፋ ገጹን እየገለበጠ እየገለበጠ አነበበው።

«ቲቸር፣ ደስ ይላል። ግን ተማሪው ይህንን አንብቦ ሲጨርስ ሴሚስተሩ ያልቃል።»

«እውነት ነው የጻፍኩት።»

«የእርስዎ እውነት ነው። እነሱ የሚፈልጉት የለበትም።»

የኔነሽ ወረቀቱን አጠፈችው። ከፍቷት ነበር፤ ግን ሁዘይፋ ልክ ነው። ለማን እንደምትጽፉ ሳታውቁ ብዕር አታንሡ እያለች ስታስተምር ኖራለች። ወዲያው ተነሥታ ሳሊሃ ጋ ደወለችና ቤት ስትፈልግ ምን ምን ታስብ እንደነበር ጠየቀቻት። ልጅቷ መጀመሪያ አፈረች፤ ኋላ ግን አንዴ ጀምራ አላቆመችም። ማጥኛ ብርሃን አለ ወይ? መብራት የራሱ ቆጣሪ አለው ወይስ ከአከራዩ ጋር ያጨቃጭቃል? ስንት ሰው መኖር ይችላል? ምክንያቱም አንድ ሰው ብቻውን ኪራዩን አይችለውም። ኔትወርክ ይገባል? ማታ ከላይብረሪ ሲመለሱ መንገዱ ጨለማ ነው? በሩ ስንት ሰዓት ይዘጋል? አከራይዋ እዚያው ትኖራለች? እንግዳ ይፈቀዳል?

«የተራራው እይታስ?» አለች የኔነሽ።

ሳሊሃ ላለማስቀየም ቃሏን መረጠች። «ጥሩ ነው ቲቸር። ግን መጨረሻ ላይ።»

ቅዳሜና እሑድን ቤቷን ስታጠና ዋለች። በዚያ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ኖራ እንዲህ አይታው አታውቅም። ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ የምታርፍበትንና የምትሄድበትን ሰዓት ጻፈች። መኝታ ቤቱ በቀንም መብራት እንደሚፈልግ፣ ብርድ እንደሚይዝ አስተዋለች። የሁዘይፋን ስልክ በየጥጉ ይዛ ዞረች፤ መኝታ ቤት ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ጠረጴዛው ጋ ግን ጥሩ ነው። ሁዘይፋ ሜትር ዘርግቶ ለካ። ሁለት ጠባብ አልጋ ይገባ እንደሆነ ለማወቅም ወለሉ ላይ በጠመኔ ሣሉ፤ ገባ፤ መሃላቸው ላይ አንድ ሰው ጎኑን ሰጥቶ ያልፋል። ሰኞ ጠዋት እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ሁዘይፋ በተማሪ እርምጃ ሄዶ መጣ። አሥራ አራት ደቂቃ። «ከረፈደብኝ አሥራ አንድ» አለ፤ እያለከለከ።

ከዚያም አብረው ጻፉት። ሁዘይፋ ያሳጥራል፣ እሷ ታስተካክላለች፤ «ሰፊ» ላይ ተጨቃጨቁ፤ «ዘመናዊ» ላይ ሁዘይፋ ራሱ ሣቀ። የወጣው ይህ ነው፦

«ለሁለት ሴት ተማሪዎች የሚሆን ባለ አንድ መኝታ፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ በደረጃ። ትንሽ ናት፦ መኝታ ቤቱ ሁለት ጠባብ አልጋ ይይዛል፤ ለሦስት ሰው አይሆንም። ሳሎኑ መስኮት ሥር ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያጠናበት ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ከአከራይዋ የተተወ ነው። ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ፀሐይ አለው፤ ኔትወርክም ጥሩ ነው። መኝታ ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ ብርድ ልብስ ይዛችሁ ኑ። ውኃ በሦስት ቀን አንዴ፣ ማታ ነው የሚመጣው፤ በርሜልና ሦስት ጀሪካን እንተውላችኋለን። የራሱ የመብራት ቆጣሪ፣ የራሱ መጸዳጃና ሻወር አለው። ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ በእግር 14 ደቂቃ፤ ከዋናው መንገድ እስከ ሕንፃው ያለው መቶ እርምጃ ያህል ማታ ጨለማ ነው። አከራይዋ እዚህ አትኖርም፤ ቁልፉ የእናንተ ነው። ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው። በመስኮቱ ጦሳ ይታያል።»

ፎቶውንም ሁዘይፋ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አነሣው፤ ጠረጴዛው ላይ ፀሐይ አርፋ ሳለ።

በመጀመሪያው ቀን ማንም አልደወለም። በሁለተኛውም። ሁዘይፋ «ቲቸር፣ የጨለማውን መንገድ እንኳ እናውጣው» አላት፤ እሷ እምቢ አለች፤ ግን ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። በሦስተኛው ቀን አንዲት ልጅ ደወለች። «ውኃ የሚመጣው የትኞቹ ቀናት ነው?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄዋ። ኢስራ ትባላለች፤ ከኮምቦልቻ ነች፤ በኤክስቴንሽን የምትማር ናት። ትንሳኤ ከምትባል የክፍሏ ልጅ ጋር መጣች። ደረጃውን ሲወጡ አላጉረመረሙም፤ አውቀውት ነበር የመጡት። ኢስራ ቧንቧውን አልከፈተችም፤ በርሜሉን ነው ከፍታ ያየችው። ትንሳኤ ጠረጴዛው ጋ ሄዳ ተቀመጠች፤ ክርኗን ዘርግታ ለካች፤ ከዚያ ጓደኛዋን «ነይ ጎኔ» አለቻት። ተቀመጡ። ሁለት መጽሐፍ ዘርግተው ቦታ ተረፋቸው።

«ይሄን ጠረጴዛ ማን ሠራው?» አለች ትንሳኤ።

«ባሌ» አለች የኔነሽ። የጠረጴዛውንም ጠርዝ በመዳፏ አበሰችው።

ውሉን በዚያው ሳምንት ተፈራረሙ። የኔነሽም ዕቃዋን አስጭና ሐረጎን ወረደች።

ኮምቦልቻ በገባች በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ገና ከእንቅልፏ ሳትነሣ ስልኳ ጮኸ። ኢስራ ናት።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ቀሰቀስኩዎት። ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው ብለው ጽፈው ነበር።»

«አዎ፤ ምነው?»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ስልኩን ወደ መስኮቱ አወጣችው። የኔነሽ አዳመጠች። ዱ-ዱ-ዱ-ዱ። ከሕንፃው ጀርባ ያለው ወፍጮ ቤት! ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ሞተሩን ያስነሣል፤ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት በየቀኑ አስነሥቷል። ጆሮዋ ስለለመደው ከነጭራሹ ረስታዋለች።

«ውይ ልጄ! ወፍጮው!» ብላ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። «ወላዲቷን፣ ልዋሽሽ ብዬ አይደለም። መስማት ትቼዋለሁ።»

ወዲያ ማዶ ሳቅ ተሰማ። «አውቀናል ቲቸር። እንደዚያ ሁሉ ጽፈው ወፍጮውን ደብቀውን አይሆንም ብለናል። ትንሳኤ እንደውም ፈተና ሲደርስ ማንቂያ ነው ብላለች። ቀጣዩ ላይ እንዲጨምሩት ብዬ ነው።»

የኔነሽ ስልኩን እንደዘጋች ለሁዘይፋ ደወለች፤ ማስታወቂያው ቻናሉ ላይ እንዳለ ነበርና። ሁዘይፋ በእንቅልፍ ድምፅ «ቲቸር፣ ቤቱ እኮ ተከራይቷል» አላት። «ቢሆንም ጻፍበት» አለችው።

ኮምቦልቻም ዩኒቨርሲቲው ሌላ ግቢ አለው። በዚያው ዙሪያ ቤት የሚያከራዩ የፋሲካ ጎረቤቶች የማስታወቂያውን ነገር ሰሙ። ጥር ላይ ጸጋው የሚባል ጡረተኛ ሹፌር የጓሮ ቤቱን እንድትጽፍለት ለመነ። የኔነሽ አሁን ያለ ዘንግ ነው የምትሄደው፤ ሙቀቱ ሠርቶላታል። ቤቱን አየች፤ ቆርቆሮው ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ አንድ።

«‹ነፋሻማ› በይልኝ» አለ ጸጋው።

የኔነሽ ሰዓቷን አየች፤ ከቀኑ ሰባት ተኩል ነው፤ የኮምቦልቻ ፀሐይ ጣሪያው ላይ ተቀምጣለች። ወንበር ስቦ እንዲያመጣ ነገረችውና በሩን ዘጋችው።

«እስቲ እስከ ስምንት ሰዓት እዚህ እንቀመጥ» አለችው። «ከዚያ የምታዝዘኝን እጽፋለሁ።»

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጸጋው ተነሥቶ በሩን በረገደው፤ ግንባሩንም በእጁ ጠራረገ። «እሺ» አለ። «ቀን ቀን እንደሚሞቅ ጻፊው። ማንጎው ሥር አግዳሚ ወንበር አስቀምጥላቸዋለሁ፤ እሱንም ጻፊው።»

«መጀመሪያ አስቀምጠው» አለች የኔነሽ፤ ወረቀቷንም አወጣች።